የሻማ ፎቶ በስልክ፦ ነበልባሉ ነጭ ጠብታ፣ ሰሙ ጥቁር ጥላ እንዳይሆን

ሻማ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። ንጹሕ የማር ሰም አቅልጣ ትንንሽ ብርጭቆ ውስጥ ትገለብጣለች። ሻማዋ ሲበራ ክፍሉ ሁሉ ወርቃማ ይሆናል። ፎቶው ላይ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየው። ነበልባሉ ቅርጽ የሌለው ነጭ ጠብታ፣ ክሩ የጠፋ፣ ሰሙ ደግሞ የተፈጨ ቡና የሚመስል ጥቁር። «ስልኬ አሮጌ ስለሆነ ነው» ትለኝ ነበር። አዲስ ገዛች። ፎቶው ያው ነው።

ችግሩ ስልኩ አይደለም። ነበልባሉ ከሥሩ ካለው ሰም በብዙ እጥፍ ይደምቃል። ክፍሉ ውስጥ ካለው ሌላ ዕቃ ጋር ከተወዳደረማ ልዩነቱ የባሰ ነው። ዓይናችን ሁለቱንም አቻችሎ ያያል። ካሜራ ግን መምረጥ አለበት። ለሰሙ ብሎ ብርሃን ሲሰበስብ ነበልባሉ ነጭ ብቻ ይሆናል፤ ለነበልባሉ ብሎ ሲቀንስ ሰሙ ይጨልማል። ስለዚህ እኔ የምሠራው ሁለት ፎቶ ነው። አንዱን በሻማው ብርሃን ብቻ፣ ሌላውን በመስኮት ብርሃን ብቻ። ከዚያ አጣምራቸዋለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው። የሚያስፈልገው በእጅ የሚስተካከል ካሜራ ያለው ስልክ፣ ትራይፖድ፣ አንድ መስኮት፣ ጥቁር ጨርቅና ነጭ ካርቶን ነው።

መጀመሪያ ክሩን አዘጋጅ

ብዙ ሰው ክሩን ይረሳዋል። ሻማ የሚገዛ ሰው ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ክሩ ጠማማ፣ ረጅም ወይም ጫፉ ላይ ጥቁር እንጉዳይ ያበቀለ ከሆነ የቀረው ቢያምር ዋጋ የለውም።

አዲስ ክር ነጭና ቀጥ ያለ ነው። በርቶ የማያውቅ ሻማ ፎቶ ላይ ፕላስቲክ ይመስላል። ስለዚህ ከፎቶው በፊት 10 ደቂቃ ያህል አብራው። ከዚያ አጥፋው፣ ይቀዝቅዝ፣ ክሩን ከሰሙ በላይ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር አስቀርተህ ቁረጠው። የጥፍር መቁረጫ ጥሩ ይሠራል። ጫፉ ላይ የተከማቸ የከሰል ኳስ ካለ አብሮ ይሂድ። የወደቀውን ፍርፋሪ ከሰሙ ላይ በጥርስ መጎርጎሪያ አንሣ። አንዲት ጥቁር ነጥብ በቢጫ ሰም ላይ እንደ ዝንብ ነው የምትታየው።

ርዝመቱ ለምን አስፈለገ? ረጅም ክር ብዙ ሰም ይስባል። ነበልባሉ የሚያቃጥለው ከሚችለው በላይ ስለሚሆን ይረዝማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጥቀርሻም ያወጣል። ፎቶ ላይ ጫፉ የተበጣጠሰ ቢጫ ምላስ ሆኖ ይወጣል። በጣም ካጠረ ደግሞ የቀለጠው ሰም ያሰጥመዋል፤ ነበልባሉም የአተር ፍሬ ያህላል።

አሁን ክሩን ጠጋ ብለህ እየው። የተጎነጎነ የጥጥ ክር ከሆነ ሲነድ ወደ አንድ ጎን ጎንበስ ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም። ፈረንሳዊው ካምባሴሬስ የተጎነጎነ ክር ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1825 ነው። ሲጎነብስ ጫፉ ከነበልባሉ ጠርዝ ይወጣል፣ አየር ያገኛል፣ ራሱን እያቃጠለ ያጥራል። ከዚያ በፊት የነበረው የተገመደ ክር ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በየጊዜው በመቀስ መቁረጥ ግድ ነበር። ለፎቶ የሚሆነው ምንድን ነው? ብርጭቆውን አዙረህ ጉብጠቱ ወደ ጎን እንዲታይ አድርግ። ወደ አንተ ከጎነበሰ ክሩ አጭር ጉቶ ይመስላል። ወደ ጎን ሲሆን ግን ቅስቱ ይታያል፣ በጫፉ ላይ ያለችው ቀይ ፍምም ትታያለች። «እውነተኛ ሻማ ነው» የምታሰኘው እሷ ናት።

ሰሙን አጽዳ፣ ግን አታስመስል

የማር ሰም ቆየት ሲል፣ በተለይ ሲበርደው፣ ላዩ ላይ ስስ ነጭ አቧራ የሚመስል ነገር ያወጣል። ሻጋታ አይደለም፤ ከራሱ ከሰሙ የሚወጣ ነው። በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለህ ብታሸው ወይም የፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ሰከንድ ከሩቅ ብታሳየው ይጠፋል። አጠጋግተህ ካሞቅከው ግን ላዩ ይቀልጥና ሸካራነቱ ይሄዳል። የፈለግነው እኮ እሱን ነበር።

የአኩሪ አተር ሰም ላይ ደግሞ በረዶ የነካው መስኮት የሚመስል ነጭ ዝንጉርጉር ይወጣል። ሰሙ ሲረጋ የሚሠራው ክሪስታል ነው። እኔ እሱን በኤዲቲንግ አላጠፋም። ገዢው ቤቱ ሲደርሰው ያየዋልና። ፎቶው ላይ ካላየው «ያሳየሽኝ ሌላ ነው» ማለቱ አይቀርም። ፓራፊን ለስላሳና ወጥ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም፤ ግን የጣት አሻራ ይይዛል።

ብርጭቆውን ከውጭም ከውስጥም ጥረግ። ከተጠረገ በኋላ በጨርቅ ያዘው። የጣት አሻራ በክፍል ብርሃን አይታይም፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ቁልጭ ይላል።

መስኮቱ የት ይሁን

የሰም ገጽታ የሚታየው በጥላ ነው። ብርሃኑ ከካሜራው አቅጣጫ ከመጣ እያንዳንዱ ጉብታ ጥላውን ከኋላው ይደብቃል፤ ሰሙም ወረቀት ይሆናል። ከጎን እየተንሸራተተ ሲመጣ ግን ትንሿ ስንጥቅ እንኳ ጥላ ትጥላለች።

ጠረጴዛውን እንደ ግድግዳ ሰዓት ቁጠረው። ሻማው መሐል ላይ ነው። ስልኩ 6 ቁጥር ላይ ይቁም። መስኮቱ 10 ቁጥር ላይ ይሁን፤ ማለትም ከግራ ትንሽ ወደ ኋላ። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ሸካራነቱን ያወጣል፤ ትንሽ ከኋላም ስለሚመጣ ወደ ሰሙ ሥጋ ይገባል። ሰም ብርሃን የሚያስገባ ነገር ነው። የብርጭቆው ጠርዝ ወይም የወፍራም ሻማ አንገት ከኋላ ሲበራበት ከውስጡ የሚፈልቅ ማር ይመስላል።

ቀጥታ ፀሐይ አይሁን። ጥላው ስለት ይሆናል፣ ሰሙም መለስለስ ይጀምራል። ፀሐይ ከገባብህ መስኮቱ ላይ ነጠላ ዘርጋ። የነጠላ ጥጥ ብርሃኑን ያለሰልሳል። እኔ የተለየ ማለስለሻ ገዝቼ አላውቅም፤ የእናቴ ነጠላ ሥራውን ይሠራል። ብቻ ሻማው ከነጠላውም ከመጋረጃውም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ።

ከቀኝ በኩል፣ 4 ቁጥር አካባቢ፣ ነጭ ካርቶን አቁም። ጨለማውን ጎን ትንሽ ያነሣዋል። አታጠጋው፤ ጥላውን ሙሉ በሙሉ ካጠፋው ያሰብነው ሁሉ ገደል ገባ። ከኋላ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ጨርቅ ይሁን፤ ከሻማው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ይበል። ጠቆር ያለ ጀርባ የመረጥኩት ለጌጥ አይደለም። ሁለቱን ፎቶ ስናጣምር ነበልባሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ጀርባው ነጭ ከሆነ ነበልባሉ ይጠፋል።

ብርጭቆ መስታወትም ነው። አንተን፣ ስልኩን፣ የግድግዳውን ካላንደር ሁሉ ያሳያል። ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ አትምጣ።

ስልኩን አቁም

ስልኩ ትራይፖድ ላይ ይሁን። ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ፀጉር እንኳ መነቃነቅ የለባቸውም። ትራይፖድ ከሌለህ በመጽሐፍ ክምር ማስደገፍ ይቻላል፤ ስልኩን ሳትነካ እንድታነሣ 3 ሰከንድ የሚቆጥረውን ታይመር ተጠቀም።

አታጠጋው። ሰፊው ሌንስ ሲጠጋ የብርጭቆውን አፍ ያሰፋል፣ ታቹን ያጠብባል። ወደ ኋላ ሂድና 2x ተጠቀም። ከፍታው ደግሞ የቀለጠውን ሰም ከላይ ትንሽ የሚያሳይ ይሁን። ከብርጭቆው አፍ ጋር እኩል ካደረግከው ክሩ ከጠርዙ ኋላ ይደበቃል። በጣም ከፍ ካልክ ደግሞ ነበልባሉ ያጥራል፣ ክሩም ነጥብ ይሆናል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ይስማማኛል።

አንድሮይድ ከሆነ `Pro` ውስጥ ግባ። ፍላሽና `HDR` ይጥፉ። `ISO` 100 ላይ ይቁም። ትኩረቱን ገና መስኮቱ ክፍት እያለ ክሩ ላይ አድርግና ቆልፈው። ጨለማ ውስጥ ስልኩ ወዲያና ወዲህ ሲፈልግ ይቆያልና።

አሁን `WB`፣ የብርሃኑን ቀለም የሚያመጣጥነው። ሻማ የሚሰጠው ብርሃን ወደ 1900 ኬልቪን ይጠጋል፤ የቀን ብርሃን ከ5000 በላይ ነው። ስልኩን `Auto` ላይ ከተውከው «ይህ ሁሉ ቢጫ ምንድን ነው?» ብሎ ያነጣዋል። ሞቅ ያለውን ስሜት የሚገድለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። 5500 ላይ ካደረግከው ደግሞ ሰሙ የካሮት ጭማቂ ይሆናል፤ የማር ሰምና የፓራፊን ልዩነት ይጠፋል። ለሁለቱም ፎቶ 4000 `K` ላይ አቆመዋለሁ። ሻማው ወርቃማ ይሆናል፤ የመስኮቱ ብርሃን ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። ቅዝቃዜው ነው ሙቀቱን የሚያሳየው።

አይፎን ያላችሁ ዋናው ካሜራ ላይ ይህን ሁሉ አታገኙም። ነበልባሉ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆዩ። `AE/AF LOCK` ሲል ጣታችሁን ወደ ታች ጎትታችሁ አጨልሙ። የተሻለ ቁጥጥር ከፈለጋችሁ የመዝጊያ ፍጥነትና `WB` በእጅ የሚያስገባ የካሜራ መተግበሪያ ያስፈልጋችኋል።

የመጀመሪያው ፎቶ፦ በሻማው ብርሃን ብቻ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ያልበራውን አስቀድሞ ያነሣና ኋላ ያበራል። ከበራ በኋላ ግን ክሩ ይጎነብሳል፣ ሰሙ ይቀልጣል። ሁለቱ ፎቶዎች አይገጥሙም። መጀመሪያ የበራውን አንሣ።

ሻማውን አብራና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተወው። በክሩ ዙሪያ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል፣ ክብ፣ ጥርት ያለ ኩሬ ይሠራል። ለእኔ ጥሩው ሰዓት ይህ ነው፤ የቀለጠውም ያልቀለጠውም ሰም አብረው ይታያሉ። ሙሉ በሙሉ የቀለጠ ኩሬም ያምራል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። በልምድ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚቆጠረው። የማያምረው በሁለቱ መሐል ያለው ነው፤ ዳሩ ላይ ያልቀለጠ ደሴት ደሴት የቀረበት።

መስኮትና በር ዝጋ። መጋረጃውን ሳብ። አምፖሉን አጥፋ። ከጎረቤት የሚገባ የ`LED` ብርሃን እንኳ ሰሙን አረንጓዴ ያደርገዋል። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጠብቅ። አንተም ስትንቀሳቀስ ነፋስ ትፈጥራለህ፤ ስለዚህ ታይመሩን ነካና አርፈህ ቁም።

አሁን በተለያየ የመዝጊያ ፍጥነት አንሣ፦ 1/125፣ 1/500፣ 1/1000፣ 1/2000። በእያንዳንዱ አምስት ስድስት ያህል፤ ነበልባል በየቅጽበቱ ቅርጹን ይለውጣል። ከዚያ አጉልተህ እይ። ትክክለኛው ፎቶ ላይ ነበልባሉ ሦስት ክፍል አለው። ከሥር ስስ ሰማያዊ ጽዋ። በክሩ ዙሪያ ጠቆር ያለ ቦታ፤ እዚያ ገና ያልነደደ የሰም እንፋሎት ነው ያለው። ከሱ በላይ ደማቁ ቢጫ፤ እሱም የጋሉ የካርቦን ብናኞች ናቸው የሚያበሩት። ጠቆር ያለው ቦታ ካልታየህ ፎቶው በጣም ደምቋል፤ ክሩም አብሮ ጠፍቷል። ፍጥነቱን ጨምር። ሰማያዊው ካልታየህ አትጨነቅ። እሱ ደካማ ነው፤ ቢጫው በትክክል ሲወጣ እሱ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል።

በዚህ ፎቶ ላይ የቀረው ሁሉ ጥቁር ሊሆን ነው። ጀማሪ ሲያየው ይደነግጣል። ተወው። ከዚህ ፎቶ የምንፈልገው ነበልባሉን፣ ክሩንና በክሩ ዙሪያ የሚያበራውን የሰም ቀለበት ብቻ ነው።

ሁለተኛው፦ በመስኮት ብርሃን

ሻማውን አታጥፋ በትንፋሽ። ሰሙ ይረጫል፣ ክሩ ይነቃነቃል። ክሩን ሰሙ ውስጥ መንከርም እዚህ አይሆንም፤ ይጣመማል። በክዳኑ ሸፍነው፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል። ክዳኑን ስታነሣ ብርጭቆውን አታንቀሳቅስ። ጭሱ እስኪበተን አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ሰሙ ገና ፈሳሽ ነው፤ ግን ዳሩ መንጣት ሲጀምር ጊዜህ አልቋል ማለት ነው።

መጋረጃውን ክፈት። ስልኩን አትንካው። ፍጥነቱን ወደ 1/60 አውርድ፤ ሰሙ ደምቆ ከታየህ ወደ 1/125 ከፍ አድርገው። ፎቶው ትንሽ ጨለምለም ያለ ይሁን። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ሰሙን እንደ ቀትር ካደመቅከው ሻማው ሲበራ የሚጨምረው ነገር አይኖርም፤ ነበልባሉ ተለጥፎ የመጣ ይመስላል። መሽቶ መብራት ገና ያልተበራበትን ሰዓት አስብ። እሱን ነው የምንፈልገው።

ፈሳሹ ኩሬ መስኮቱን እንደ መስታወት ያሳያል። ትንሽ ነጸብራቅ ደግ ነው፤ ፈሳሽ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ክሩን ከሸፈነ ግን በመስኮቱና በሻማው መሐል ጠባብ ጥቁር ካርቶን አቁምና ነጸብራቁ እስኪሸሽ አንቀሳቅሰው። ብርጭቆውን ወይም ስልኩን አታንቀሳቅስ።

ማጣመር

ብርሃን ይደመራል። የሻማው ብርሃንና የመስኮቱ ብርሃን አብረው የሚበሩበት ክፍል ቢኖር ኖሮ የምናየው የሁለቱን ድምር ነበር። ስለዚህ ማጣመሩ ማጭበርበር አይደለም፤ ካሜራው በአንዴ ያልቻለውን በሁለት እየሰጠነው ነው።

`Snapseed` በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ላይ የመስኮቱን ፎቶ ክፈት። `Tools` ውስጥ `Double Exposure` ግባና የሻማውን ፎቶ ጨምር። ከዘዴዎቹ `Lighten` የሚለውን ምረጥ። ይህ በየነጥቡ ከሁለቱ የደመቀውን ብቻ ይወስዳል። ነበልባሉና ወርቃማው ቀለበት ከአንዱ፣ ብርጭቆውና የሰሙ ሸካራነት ከሌላው ይመጣሉ። ነበልባሉ በሙሉ ኃይሉ እስኪታይ ድረስ ማንሸራተቻውን አስተካክል። እትሙ ከተለየ የአዝራሮቹ ቦታ ሊቀየር ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ከሆንክ `Photopea` በነፃ ይከፈታል፤ ሁለቱን ፎቶ በሌየር ደርበህ የላይኛውን `Lighten` ማድረግ ነው።

ድርብ ክር ካየህ ስልኩ ወይም ብርጭቆው ተነቃንቋል። በ`Photopea` የላይኛውን ሌየር ጥቂት ፒክስል ገፍተህ ማግጠም ይቻላል። ክሩ ራሱ ከተጣመመ ግን አያድንም፤ እንደገና ማንሣት ነው።

ከዚያ የሚቀረው ትንሽ ነው። የክሩን ቦታ ብቻ በብሩሽ ትንሽ አብራው፤ ጥቁር ጉቶ ሳይሆን የተጎነጎነ ክር መሆኑ እንዲለይ። ቀለሙን በሙሉ ፎቶው ላይ አታሙቅ፤ በሻማው አቅራቢያ ብቻ። ሁሉን ነገር ብርቱካናማ ያደረገ ፎቶ ሞቅ ያለ አይደለም፤ የቆየ ፎቶ ነው የሚመስለው።

የጓደኛዬ ሻማ

እሑድ ጠዋት ነበር። አፉ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብርጭቆ፣ ቢጫ የማር ሰም፣ የተጎነጎነ የጥጥ ክር። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ክሩን አልቆረጥነውም ነበር፤ ነበልባሉ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ወጥቶ የብርጭቆውን አፍ በጥቀርሻ አጠቆረው። አጠፋን፣ አቀዘቀዝን፣ በጥፍር መቁረጫ 5 ሚሊ ሜትር አስቀረን፣ ብርጭቆውን ጠረግን።

ሁለተኛው ላይ 18 ደቂቃ ካነደድን በኋላ አነሣን። 1/125 ላይ ነበልባሉ የታወቀው ነጭ ጠብታ ነው። 1/500 ላይ ጠርዙ ቢጫ ሆነ፤ ክሩ ግን ገና አይታይም። 1/1000 ላይ ጠቆር ያለው ቦታ ተከፈተ፤ ውስጡ የተቀሰተ ክር፣ ጫፉ ላይ ቀይ ፍም። 1/2000 ላይ ነበልባሉ የበለጠ ዝርዝር ነበረው፤ የሰሙ ቀለበት ግን ሞተ። 1/1000ውን ወሰድን። በክዳን አጥፍተን መጋረጃውን ከፈትን፤ በ1/60 አነሣን። ስናጣምር ሰሙ በጣም ደምቆ ነበልባሉ ባዕድ መሰለ። እሱን በመስኮት ብርሃን 1/125 ላይ ባነሣነው ተካን። ወዲያው ገጠመ።

አንድ ነገር አላማረንም። በሰሙ ላይ ያለው ወርቃማ ቀለበት ጠባብ ነበር። በ1/500 የተነሣውን የበራ ፎቶ ሦስተኛ ሌየር አድርገን ጨመርነው፤ ነበልባሉን አጠፋንና ቀለበቱን ብቻ አስቀረን። ቀለበቱ እስከ ብርጭቆው ግድግዳ ሄደ። ይህ የግድ አይደለም፤ በወፍራም ብርጭቆ ላይ ግን ይጠቅማል።

ሽታው እንዴት ይታያል

መልካም መዓዛ ያለው ሻማ ላይ ጭስ የሚጨምሩ አሉ። አትጨምር። በደንብ የሚነድ ሻማ የሚታይ ጭስ የለውም። ጭስ ያለው ሻማ ያየ ገዢ «ይህ ግድግዳዬን ያጠቁርብኛል» ነው የሚለው። ይልቅ ሽታው የመጣበትን ነገር አስቀምጥ፦ የጠጅ ሳር፣ ጦስኝ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ሁለት ሦስት ቅጠል ይበቃል፤ ከነበልባሉም ይራቅ።

ዕጣን ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ጭሱ ራሱ ዕቃው ነው። ጭስ በደንብ የሚታየው ከኋላ ሲበራበትና ጀርባው ጥቁር ሲሆን ነው። ከፊት ብታበራበት ይጠፋል። ማጨሻውን ከጥቁሩ ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል አርቅ። የሌላ ስልክ ባትሪ ከኋላ ወደ ጎን አስቀምጥና ብርሃኑ ወደ ሌንሱ እንዳይገባ በካርቶን ከልለው። ፍሙ ላይ የተጣለ ዕጣን መጀመሪያ የሚያወጣው ጭስ ወፍራም ነው፤ ፎቶ ላይ ደመና ይሆናል። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተህ ሲሳሳ ክር መስሎ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከላይ ይጠማዘዛል። ያኔ በ1/250 ደጋግመህ አንሣ። ጨለማ ከሆነ `ISO` ወደ 400 ከፍ ይበል። ጥቁር ጀርባ ላይ ጭሱ ሰማያዊ ይላል፤ ብናኞቹ ደቃቅ ስለሆኑ ነው። አትቀይረው።

ሲለጠፍ

ሻማ ፎቶ ላይ ከወርቃማ ወደ ጥቁር የሚሄደው ቀስ ያለ ጥላ አንድ ችግር አለው። ቴሌግራም ፎቶውን ሲያሳንሰው ያ ጥላ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል፤ በነበልባሉ ዙሪያ ቀለበት ቀለበት ይታያል። ሁለት መፍትሔ አለው። አንዱ ከመለጠፍህ በፊት በጣም ትንሽ ግሬይን፣ ማለትም አሸዋ የመሰለ ደቃቅ ነጥብ፣ መጨመር ነው፤ ደረጃውን ይሰብረዋል። ሁለተኛው ለደንበኛ በግል ስትልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ነው። ጓደኛዬ ሁለተኛውን ትረሳዋለች። ቀለበቱ ያለበት ፎቶ እስካሁን ቻናሏ ላይ አለ።